ከአባቴ ኋላ የቆመው ሰው

የአባቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ ሳሎን የሚሰቀል ፎቷቸውን ላሳትም ፈለግሁ። ስልኬ ውስጥ ያሉት የሳቸው ፎቶዎች ጥቂት ናቸው። መሪጌታ ስለነበሩ በዓል በመጣ ቁጥር ከማኅሌት ነበር የሚውሉት፤ እኛ ስንሰበሰብ እሳቸው የሉም፣ እሳቸው ሲመጡ እኛ ተበትነናል። ከእናቴ፣ ከወንድሜና ከልጆቹ ጋር አንድ ላይ የቆሙበት ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻው ጥምቀታቸው፣ ጥምቀተ ባሕሩ ቀሐ ላይ ያነሳሁት።

በዚያ ዓመት ሕመሙ አድክሟቸው ስለነበር ከካህናቱ ጋር መቆም አልቻሉም። ጥምጣማቸውን አስረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እንደማንኛውም ምእመን ከእኛ ጋር ወረዱ። ወንድሜ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከዳባት መጥቶ ነበር። የዛፍ ሥር ከተጠመጠመበት የድንጋይ ግንብ አጠገብ ደርድሬ አቆምኳቸውና ስልኬን አወጣሁ።

ከአባቴ ኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ቆሟል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቡናማ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፣ ፊቱን ፀሐይ አክስሎታል። ከገጠር የመጣ በዓል አክባሪ መሆኑ ያስታውቃል።

«ወንድም፣ ትንሽ ዞር ትልልን?» አልኩት።

ሰምቶኛል። ፈገግ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

«ቦታው ሰፊ ነው እኮ» ብዬ ደገምኩ።

አባቴ ናቸው የመለሱልኝ። «ተይው ልጄ፤ አንሺ ዝም ብለሽ።»

አነሳሁ። ግን ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ያ ሰው ይከነክነኝ ነበር። የቤተሰባችን ብቸኛ ፎቶ ላይ፣ ያውም ከአባቴ ትከሻ በላይ፣ የማናውቀው ሰው ፈገግ ብሎ ያየናል።

ፒያሳ ያለው ፎቶ ቤት ስሄድ ባለሙያው ስልኬን ተቀብሎ አየና «ከኋላ ያለው የቤተሰብ ነው?» አለኝ። አይደለም ስለው፣ «ከዳር ቢሆን ቆርጬ እጥለው ነበር፤ መሀል ላይ ነው። እሱን ልቁረጥ ካልኩ አባትሽም ይቆረጣሉ። በስልክሽ ማጥፋት ትችያለሽ፤ በነፃ የሚወርድ አፕ አለ» አለና ምልክቱን አሳየኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ግቢ ውስጥ ምስር ስትለቅም እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አፑን አወረድኩት። በከፈትኩት ቁጥር ማስታወቂያ ይቀድማል፤ እሱ እስኪያልፍ ጠብቄ ፎቶውን አስገባሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ የማይፈለገውን ነገር በጣት ትቀቢዋለሽ፣ የቀባሽው ቦታ ቀይ ይሆናል፣ «አጥፋ» የሚለውን ስትነኪ የመጠበቂያዋ ክብ ትዞርና አፑ ቦታውን በአካባቢው ባለው ነገር ይሞላዋል። መጀመሪያ ጣቴ አልፎ የአባቴን ጥምጣም ጫፍ ስለነካ ከሰውየው ጋር የጥምጣማቸው ግማሽ ጠፋ። በመመለሻዋ ቀስት ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ በሁለት ጣቴ ፎቶውን አጎላሁ፣ የመቀቢያውን ብሩሽ አሳነስኩ፣ ጭንቅላቱን፣ ፎጣውን፣ ትከሻውን ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ቀባሁ። «አጥፋ» አልኩት።

ሰውየው ጠፋ። እሱ በነበረበት ቦታ ድንጋዩና የዛፉ ሥር ተተኩ፤ ያላወቀ ሰው ግንብ ብቻ ነው የሚለው። ደስ አለኝ። እንዲያው ለማየት ፎቶውን እንደገና ሳጎላው ግን፣ ከአባቴ ቀኝ ብብት ሥር፣ በነጩ ነጠላቸው ላይ አራት ጣቶች አየሁ።

አፑ ያበላሸው መሰለኝ። እንዲህ ያሉ ነገሮች የሌለ ነገር እየፈጠሩ ይሞላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። አፑ የሚያስቀምጠው ሌላ ቅጂ ስለሆነ ዋናው ፎቶ አልተነካም ነበር፤ እሱን ከፍቼ እዚያው ቦታ ላይ አጎላሁት። ጣቶቹ እዚያም አሉ። ከነጠላው እጥፋት ጋር ስለተመሳሰሉ ዓመት ሙሉ ሳላያቸው ኖሬያለሁ። ጠቋቁረው፣ ጥፍራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ጨርቁን ጠበቅ አድርገው ይዘዋል። ሰውየውን አጥፍቼ ጣቶቹን ነበር የተውኩት።

ስልኩን ይዤ ወደ እናቴ ወረድኩ።

«እማዬ፣ ይህ የማን እጅ ነው?»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ አስቀመጠችና ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጣቶቹን ሳይሆን ግንቡን ነው ያየችው።

«ምነው፣ ሰውየው የት ሄደ?»

«አጠፋሁት። ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ከየት አውቀዋለሁ። አባትሽን የያዘ ሰው ነው።»

ምስሩን በእጇ እየገፋች ቀስ ብላ ነገረችኝ። እኔ ልጆቹን ሳስተካክል የአባቴ ጉልበት ከድቷቸው ነበር። መቋሚያው ብቻውን አልበቃቸውም። ከኋላቸው የቆመውን ሰው ዘወር ብለው «ወንድሜ፣ ልጄ እስክታነሳን ድረስ ደግፈኝ» አሉት። እሱም ቃል ሳያበዛ እጁን ከብብታቸው ሥር አስገብቶ «አይዞዎት አያ፣ ይዤዎታለሁ» አላቸው።

«አንቺ ዞር በል ስትይው ጨነቀው» አለች እናቴ። «ቢለቃቸው ይወድቃሉ። ምን ብሎ ይመልስልሽ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሳቸው ናቸዋ። ‹ልጆቼ ቆሜ ይዩኝ› አሉ። ማታ ቤት ስንገባም ‹እንዳትነግሪያቸው› ብለውኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ያደሩ ሰው መደገፍን አፈሩት።»

ያን ዕለት የሰውየውን ፈገግታ ድፍረት ብዬ ነበር የተረጎምኩት። አሁን ፎቶውን ስመለከት ፈገግታው ይቅርታ መጠየቂያ እንደነበር ገባኝ። አባቴም ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው ነው የቆሙት። ጤነኛ ይመስሉኝ ነበር። ከሳምንታት በኋላ አልጋ ሲይዙ «በጥምቀት እንዲያ ቆመው አልነበር እንዴ?» እያልኩ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

እናቴ ስልኩን እያቀበለችኝ፣ «ሰውየውን መልሺው» አለችኝ።

«እመልሰዋለሁ።»

«ሸጋ ሰው ነው። ካነሳሽን በኋላ እንኳ ድንጋዩ ላይ እስኪያስቀምጣቸው አልለቀቃቸውም። ውኃም አምጥቶላቸዋል። ከዚያ ስሙን ሳልጠይቀው ታቦቱን ተከትሎ ሄደ።»

የሠራሁትን ቅጂ እዚያው ሰረዝኩት። ሰኞ ዕለት ዋናውን ፎቶ ይዤ ፎቶ ቤቱ ስሄድ ባለሙያው «አልሆነልሽም?» አለኝ።

«ሆኖልኝ ነበር። ሰውየው ይኑር ብለን ነው።»

ምክንያቱን አልጠየቀኝም። «ይሻላል፤ በነፃው ያስቀመጥሽው ሲተልቅ ይደበዝዝብሽ ነበር» ብሎ ማተም ጀመረ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር። የደብሩ ካህናት ጸሎት አድርሰው ሲቀመጡ፣ ከአባቴ ጋር ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ አንድ ቄስ ፎቶውን ትኩር ብለው አዩና «ይህ ከኋላ ያለው ወንድማቸው ነው?» ብለው ጠየቁ። ወንድሜ ወደ እኔ አየ፤ ነገሩን በስልክ ነግሬው ነበር። የአባቴ ምስጢር ስለነበር ዓይኔን ወደ ፎቶው መለስኩ። እናቴ ግን ከጓዳው በር ላይ ሆና «አዎ አባቴ፣ ወንድማቸው ነው» አለች።

ቄሱም አንገታቸውን ነቅንቀው «እሳቸውን ይመስላል» አሉ።

በቀጣዩ ጥምቀት እናቴ የፎቶውን አነስተኛ እትም በፖስታ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ቀሐ ወረድን። ግንቡ ሥር፣ ያን ዓመት ፎቶ የተነሳንበት አካባቢ ቆመን ፎጣ የጠመጠመውን ሁሉ ፊቱን እናያለን። ሰው እንደ ጎርፍ ነው፤ አላገኘነውም። ደክሟት ስለነበር ከብብቷ ሥር ያዝኳትና ወደ ቤት መውጣት ጀመርን።

«ሩቅ አገር ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል» አለችና ክብደቷን በክንዴ ላይ ጣለች።