የአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ መልስ

ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ለሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች የኮሙኒኬሽን ኮርስ ተሰጠኝ። ከእኔ በፊት ኮርሱን ለረጅም ጊዜ ያስተማሩት አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ። የዲጂታል ሞዱሌሽን፣ ማለትም መረጃን በሞገድ ጭኖ የመላክ፣ ምርጫ ፈተናቸውን ከነመልሱ በፍላሽ ሰጡኝና «ጥያቄዎቹን እንደፈለግህ ቀያይር፤ መልሱ ግን አስተማማኝ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። ሳልሠራው ፈተንኩበት፣ በእሳቸውም መልስ አረምኩበት።

ውጤቱን በለጠፍኩ ማግስት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ከማሻ ከተማ የመጣች ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ስትናገር የሚሰሟት ሰዎች ሲበዙ ቃል ይጠፋባታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ወንበሬን ወደ እሷ ጠጋ አደረግኩ።

«መምህር፣ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ» አለች።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የአንድ ቢት ጉልበት እኩል ከሆነ፣ የኪውፒኤስኬ የቢት ስህተት ዕድል ከቢፒኤስኬ ጋር ሲወዳደር ምን ያህል ነው? ቢፒኤስኬ ሞገዱን በሁለት ፌዝ፣ ማለትም በሁለት የመነሻ ማዕዘን፣ ብቻ እየቀያየረ በአንድ ጊዜ አንድ ቢት ይልካል። ኪውፒኤስኬ ደግሞ አራት ፌዝ ስላለው ሁለት ቢት ይልካል። የፍላሹ መልስ ኤ ነው፤ «እጥፍ»። እሷ ግን «ሲ»ን አክብባለች፤ «እኩል»።

«እያንዳንዱ ፌዝ በክቡ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡ የመስመሩ ረብሻ፣ ኖይዙ፣ በቀላሉ ያሳስታቸዋል። ክፍል ውስጥ በክብ ሥዬ አሳይቻችሁ የለም?» አልኳት።

«አዎ። ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ክብ ነው የሣሉት።» ቃል ፈለገች፣ አጣች፣ ደብተሯን ገለጠች። ሁለት ክብ ሣለች፤ ሁለተኛው ሰፋ ያለ ነው። «በኪውፒኤስኬ አንዱ ሲምቦል፣ በአንድ ጊዜ የሚላከው፣ ሁለት ቢት ይሸከማል። የቢቱ ጉልበት እኩል ከሆነ የሲምቦሉ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክቡ ይሰፋል። በጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከቢፒኤስኬው ጋር እኩል ይመጣል።» በአራቱ ነጥቦች ዙሪያ 00፣ 01፣ 11፣ 10 ብላ ጻፈች። «ኖይዝ ወደ ጎረቤት ቢገፋው የሚበላሸው አንድ ቢት ብቻ ነው። እጥፍ የሚሆነው የሲምቦሉ ስህተት ነው፤ የቢቱ አይደለም።»

እርሳሱን ተቀበልኳትና ርቀቱን ራሴ አሰላሁ። ልክ ናት። ፊቴ ጋለ።

«ማርክሽ ይስተካከላል» አልኳት።

«ለማርክ አይደለም የመጣሁት» አለች ደብተሯን እየዘጋች። «ተሳስቼ ከሆነ የት እንደተሳሳትኩ እንዲነግሩኝ ነው።»

ሲ ብለው የመለሱት አራት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ኤ ያሉት እኔ ስላስተማርኳቸው ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መልሱ ስህተት እንደሆነ፣ እኔም የሣልኩት ሥዕል ስህተት እንደሆነ ነገርኳቸው። ከኋላ አንዱ «ታዲያ ኤ ያልነው ሊቀነስብን ነው?» አለ።

«ያስተማርኳችሁን ነው የመለሳችሁት። የእናንተ አይነካም፤ ሲ ላሉት ይጨመርላቸዋል።»

ጉርምርምታ ተነሳ፤ አራቱን ይበድላል ያለም ነበር። ክርክሩ ሲበርድ ቾኩን ለልጅቷ ዘረጋሁላት። አመነታች፣ ከዚያ ወጣች። ሁለቱን ክብ ሣለች፤ ቃል ሲጠፋባት ቆም እያለች እስከ መጨረሻው አስረዳች። ሌላ ጊዜ በአነጋገሯ የሚስቁ ነበሩ። ያን ቀን አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንዷ እንዲያውም «ቢቶቹን እንደገና አሳዪን» አለቻት።

የከበደኝ ለአንጋፋው መምህር መንገሩ ነበር። ሻይ ቤት ብቻቸውን አገኘኋቸው። ጥያቄውንና የልጅቷን ሁለት ክብ የገለበጥኩበትን ወረቀት ፊታቸው ሳስቀምጥ ስኒያቸውን ገፋ አድርገው መነጽራቸውን አደረጉ። ስሌቱን ሠሩት። ደገሙት።

«ስንቱን ልጅ በዚህ አርሜ ይሆን?» አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ።

«እኔም ሳላየው ነው የወሰድኩት» አልኳቸው።

«አንተማ አምነኸኝ ነው።» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ስህተቱን ያገኘው ማን ነው?»

ነገርኳቸው። «አመስግነውሻል ብዬ ልንገራት?» ብዬ ጠየቅኳቸው፤ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍል ስገባ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ እያዩ፣ ልጅቷን እየጠበቁ ነበር።