ስም የሌለው ወረቀት

በስደት በምንኖርበት ፍሌሚንግተን፣ ፎቃችን ሥር ባለው አዳራሽ የአገር ልጆች ማኅበራችን ሲሰበሰብ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። ሌላው «ልክ ነዎት ጋሼ» ይልና ወደ ምሳው ይሄዳል።

ባለፈው ወር ግን አዲሷ ጸሐፊያችን ሴቶቹንም ከኪችን ጠርታ ለሁላችንም ወረቀት አደለች። «ማኅበሩ ምን ያሻሽል? ለአምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም። ሁሉም ተነብቦ ሳያልቅ ማንም አስተያየት አይሰጥም። ከዚያ በየተራ እንናገራለን፣ ጋሼ መጨረሻ ላይ።»

ደሜ ፈላ። በእኛ ዘመን ስም የሌለው ወረቀት ሰው ያሳስር ነበር። ማን ምን ይጽፍብኝ ይሆን እያልኩ የሰዉን እጅ ስሰልል ጊዜው አለቀ፤ የራሴ ወረቀት ባዶ ነበር።

ጸሐፊዋ ወረቀቶቹን ቀላቅላ አነበበች። አንዱ «እናንተ ስትወስኑ እኛ ምሳ እየሠራን ነው። ስብሰባው ከምሳ በኋላ ይሁን» ይላል። ተራው ሲዞር ትንፍሽ ብለው የማያውቁት ሴቶች አንድ በአንድ ደገፉት።

እኔ ግን ማን እንደጻፈው ለመያዝ ወረቀቱን አንስቼ አየሁ። የሚስቴ ጽሕፈት ነው። አንድ ቤት እየኖርን ይህን ለእኔ ለመንገር ስም የሌለው ወረቀት አስፈልጓታል።