መድረሻ ያጣው ቀስት

አሠልጣኟ ለእንፋሎት ቦይለር ሠራተኞች ያዘጋጀችው ስላይድ በረጅም አንቀጽ ታጭቋል። ሥልጠናው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አለቃዋ፣ «ይሄን ማን ያነበዋል? በሥዕል አድርጊው፤ ግን አንድም ሐሳብ እንዳይጎድል» አላት።

ላብ እያጠመቃት አንቀጹን በሳጥንና በቀስት ተካችው። «ግፊቱ ጨመረ» ከሚለው ሳጥን ወደ «እሳቱን ቀንስ»፣ ከዚያም «ግፊቱ ወረደ?» ወደሚል ጥያቄ ደረሰች። «አዎ» የሚለው ቀስት ወደ «ሥራ ቀጥል» ሄደ። «አልወረደም» የሚለው ግን መድረሻ አጣ። አንቀጹን ሦስቴ አነበበችው፤ መልስ የለውም። ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ይሄንኑ ነው። ክው አለች።

ለአንጋፋው የቦይለር መካኒክ ደወለች። «ጋሼ፣ ግፊቱ ካልወረደስ?»

«ነዳጁን ዘግቶ ሰውን ማስወጣት ነዋ! አልተጻፈም እንዴ?»

የጎደለውን ሳጥን ጨመረች። ከዚያ ወደ አለቃዋ ዞራ፣ «የቀድሞዎቹን ሠልጣኞች ጎዶሎ ነው ያስተማርኳቸው፤ ዛሬውኑ ይጠሩልኝ» አለችው።