የአለቃ ወልደ ሐዋርያት ሸክላ

እንጦጦ ላይ አለቃ ወልደ ሐዋርያትን «በገናቸው ዛሬ ቀዘቀዘ» ብሎ ከሚስታቸው ምላስ በሰላም ያመለጠ ሰው የለም። ወይዘሮ ወለተማርያም እንደዚያ ነበሩ። ራሳቸው ባላቸውን ሲነዘንዟቸው ይውላሉ፤ ሌላ ሰው ትንፍሽ ቢል ግን ወዮለት! እኔም አንዴ ቀምሻታለሁ፣ አልደግማትም።

አለቃ በሞቱ በዓመቱ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ወይዘሮ ወለተማርያም ቁልቁለቱን ወርደው የካ ወደሚገኘው ሱቃችን መጡ። ባሌ ነገሳ ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል። ከነጠላቸው ውስጥ አንድ ጥቁር ሸክላ አወጡ።

«ልጄ፣ አለቃ እዚህ ውስጥ አሉ» አሉት። «ፈረንጅ ነው የቀዳቸው። መጨረሻው ላይ ስሜን ጠርተዋል። ማጫወቻ ስለሌለኝ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ለሙት ዓመታቸው አሰማኝ።»

«እሺ እማማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለ ነገሳ።

የኛ ማጫወቻ ያን ሰሞን አመል አውጥቶ ነበር። መርፌው የሚሰካበትን የድሮውን ራስ የክረምቱ እርጥበት ገደለው፤ ነገሳ በማግኔት የሚሠራ ሌላ ራስ ገጠመለት። የድሮው ድምፁን በተፈጥሮው ያመጣጥን ነበር፤ አዲሱ ግን ሸክላው ላይ ያለውን እንዳለ ነው የሚያወጣው። ከበሮው እንደ ቆርቆሮ፣ ዘፋኙ ጉንፋን እንደያዘው፣ የመርፌው ሽሽታ እንደ ዝናብ። ነገሳ ድምፅ ማጉያው ፊት የሚገባ ማስተካከያ ከረዚስተርና ከኮንደንሰር፣ ከራዲዮ ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ሲበይድ፣ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ምንድን ነው ይሉታል።

«እማማ፣ ሸክላ ሲቀረጽ መርፌው ያርሳል» አላቸው። ገበሬ አባት ያሳደገው ስለሆነ ሁሉ ነገር እርሻ ነው ለሱ። «ወፍራም ድምፅ መርፌውን ወዲያና ወዲህ በሰፊው ያወዛውዘዋል። ዝም ካሉት የጎረቤቱን ትልም ጥሶ ይገባል። ስለዚህ ሲቀርጹ ወፍራሙን ያሳንሱታል። ቀጭኑ ደግሞ ሽሽታው እንዳይውጠው ከፍ ያደርጉታል። ስናጫውት እኛ መመለስ አለብን፤ ወፍራሙን ከፍ፣ ቀጭኑን ዝቅ። ያኔ ሽሽታውም አብሮ ይወርዳል።»

«ድንበር ገፊ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። «ወንድሜም እንደዚያው ነበር።»

ማስተካከያውን በሱቁ ሸክላ ሞከረው። ከበሮው ሆድ አወጣ፣ ሽሽታው ረገበ። ነገሳ ደስ ብሎት የአለቃን ሸክላ አስቀመጠ።

ያልጠበቅነው ጉርምርምታ ወጣ። በገናው ጆሮ የሚደፍን ሆነ፣ የአለቃ ቃልም አልለይ አለ። ነገሳ ግራ ገብቶት ማስተካከያውን ነቅሎ እንደገና አጫወተው። ሽሽታው ተመለሰ፣ ነገር ግን በገናው ልክ በገና ሆነ፤ የአለቃ ድምፅም የራሳቸው። ወይዘሮ ወለተማርያም አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረጋል።

ከዚያ ወፍራሙ አውታር ሲመታ መርፌው ዘለለ። «ሰው ሆይ፣ አፈር» ይላሉ አለቃ፣ ዘልሎ ይመለሳል፤ «ሰው ሆይ፣ አፈር»። ነገሳ አነሳና መጨረሻው አካባቢ በእጁ አስቀመጠው። እዚያ ደግሞ ጭራሽ ተንሸራትቶ መሀል ገባ። ሸክላውን በአጉሊ መነጽር ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ ሲቀዳ እርስዎ ነበሩ?»

«እንዴታ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ፈረንጁ መጀመሪያ ትንሽ ቀድቶ አሰማን። በገናቸውን ክራር አድርጎት ቁጭ! በአስተርጓሚ ‹ኋላ ይስተካከላል› ይለኛል። እኔ ልተወው? ባሌን አታሳንስብኝ ብዬ ተነሳሁበት። ሲጨንቀው አንዷን ቁልፍ አዞረና በሌላ ሸክላ እንደገና ቀዳ። ያ ነው ይሄ።»

ነገሳ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«በል አስተካክለዋ።»

«እማማ፣ ይሄ የሚስተካከል አይደለም። ፈረንጁ ቁልፏን ሲያዞር ወፍራሙን ሳያሳንስ ነው የቀረጸው፤ እኔ መልሼ የማወጣው ደግሞ ተቀንሶ የተቀረጸውን ነው። እዚህ ላይ በትልሞቹ መሀል ያለው ድንበር ራሱ የለም፤ ፈርሷል።»

«ስሜስ?»

«ይኖራል። መርፌው ግን አይደርስበትም።»

ቅድም የሳቁበትን የድንበር ገፊ ነገር ሲያገናኙት ከፊታቸው ላይ አየሁት። ሴትዮዋን እንደዚያ ቀን አንሰው አይቻቸው አላውቅም።

«እኔው ነኝ እንዴ?» አሉ።

እጃቸውን ያዝኩ።

«እስከሚዘልበት ድረስ አጫውትልኝ» አሉ።

«ሸክላው ለስላሳ ነው እማማ። በተጫወተ ቁጥር መርፌው ይበላዋል።»

«ይብላው» አሉ። «ከኔ የተረፈውን ነው።»

ነገሳ መርፌውን አንስቶ መጀመሪያው ላይ አስቀመጠ።