ማዳም ያየችው ሻወር

ማዳም ሙቀቱን ሸሽታ ከነልጆቿ ውጭ አገር ከሄደች ወዲህ፣ ኩዌት፣ ሩማይሲያ ሰፈር ባለው ቪላ ከሠራተኛዋ ከእማዋይሽ በቀር ሰው የለም። ትናንት ግን ማዳም ደወለች፦ «ነገ እንመጣለን። ሻወሬን የውሃ ጨው ደፍኖታል፤ ክፈቺው። የሚያብረቀርቀውን ክሮም እንዳትጭሪብኝ!»

እማዋይሽ የድስት መፈተጊያውን ሽቦ አልነካችም። ኮምጣጤ ለብ ባለ ውሃ በርዛ ፌስታል ውስጥ ጨመረች፤ የሻወሩን ራስ እዚያው ነክራ አሰረችው። ብዙ ከቆየ ክሮሙን ያደበዝዛልና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈታችው። ቀዳዳዎቹን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አሸች፣ አለቀለቀች፣ በለስላሳ ጨርቅ አደረቀች። ስትከፍተው ውሃው ከየቀዳዳው ተንዠቀዠቀ።

ከሰው ልታወራ ነውና ፀጉሯን አበጥራ በቪዲዮ ደወለች።

«አንቺን አይደለም፣ ሻወሩን አሳዪኝ!» አለች ማዳም። አየችው። «ማሻአላህ! እንዴት ያምራል!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

«አንተስ ጠያቂ አለህ» አለችው እማዋይሽ፣ ሻወሩን።