ዋሴ እስኪፈታ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ጥቅምት ነው እንዴ? ኃይለኪሮስ ነገሩን ባነሳ ቁጥር እዚህ ላይ ይጠራጠራል። የቢሮው መስኮት ክፍት እንደነበር ያስታውሳል፤ በኅዳር ብርድ ደግሞ መስኮት ከፍቶ አያውቅም። “ጥቅምት ይሁን ግዴለም” ይልና ይቀጥላል።

ያኔ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ በአንድ ቪላ ውስጥ ለሚሠራ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ይቀጥር ነበር። ወደ ሰሜን የሚጫነው መድኃኒት አሰብ ደርሷል፤ መጋዘን የሚረከብ ሰው ግን የለም። ኖርዌያዊው አለቃው በየጠዋቱ በሩን ገፋ አድርጎ “ተገኘ?” ይለዋል።

የሺመቤት የመጣችው በምሳ ሰዓቷ ነው። መገናኛ አካባቢ ባለ የመንግሥት መድኃኒት ማከፋፈያ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። ጥያቄዎቹን ሁሉ ሳትቸኩል መለሰችለት፤ ኃይለኪሮስም የሚፈልገው ሰው የተገኘ መሰለው።

“እንግዲህ ሰኞ እንገናኝ” አላት።

“ሰኞ አልችልም፣ ጋሼ። ሁለት ወር ያስፈልገኛል፤ ምናልባትም ከዚያ ትንሽ ይበልጣል።”

ሳቀ። “ምነው፣ ልትወልጂ ነው?”

“ብወልድ ይቀለኝ ነበር” አለች እሷም ፈገግ ብላ። “ማስጠንቀቂያው አንድ ወር ነው። የሚያስረዝመው ርክክቡ ነው። ተተኪ ይመደባል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ዕቃው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቆጠራው አልቆ ካልተፈረመ መልቀቂያ የለም።”

“የመልቀቂያውን ነገር ለእኔ ተይው። ቢዘገይ ሰው የሚሞትበት ሥራ ነው፣ እህቴ። ቁልፉን ለአለቃሽ ስጪና ነይ፤ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል።”

የሺመቤት ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ ወለሉ አወረደች።

“ስቀጠር ዋስ ጥሪ አሉኝ። አባቴ የለም፤ ዘመዶቼ ሁሉ ሸሹ። አቶ ገብረሃንስ የሚባሉ ጎረቤታችን ናቸው ገብተው የፈረሙልኝ። ጡረተኛ ናቸው። እኔ ቁልፉን ጥዬ ብወጣ፣ ነገ አንድ ካርቶን ጎደለ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ያጎደልኩት ነገር የለም፤ ግን ሳይቆጠር ማን ያምነኛል?”

“ሁለት ወር መጠበቅ የምንችል አይመስለኝም።”

“ገብቶኛል። ሰው የሚሞት መሆኑንም አውቃለሁ፤ አንድ እህቴ ያለችው ወልድያ ነው።” ድምጿ ዝቅ አለ። “ሥራውን እፈልገዋለሁ። እሳቸው ላይ ረግጬ ግን አልመጣም። ዋሴ ይፈታና እመጣለሁ፤ ቦታው ከተያዘም የእኔ ዕድል ነው።”

ከሰዓት በኋላ ሌላ አመልካች መጣ፤ ዓለምሰገድ የሚባል፣ የአንድ የመንግሥት እርሻ የመጋዘን ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። “ነገ ጠዋት ካሉኝ ነገ!” አለ።

“ያለህበትስ? ርክክቡ?”

“እነሱ ይፈልጉታ! ደግሞ ለመንግሥት መጋዘን!”

“ዋስህስ?”

“አጎቴ ነው። ምን ያደርገኛል?”

ኃይለኪሮስም ሳቀ። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ግን ሳቁ ከፊቱ ሲጠፋ ተሰማው። ያ ሰው ከእነሱም ድርጅት አንድ ቀን እንዲሁ እየሳቀ እንደሚወጣ ገባው።

የሺመቤትን እንጠብቅ ብሎ ለአለቃው ሲነግረው ኖርዌያዊው ተቆጣ። “ሁለት ወር? በዚህ ጊዜ?”

“እስከዚያ ቁልፉን እኔ ልያዝ” አለ ኃይለኪሮስ። ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱ ገረመው፤ መጋዘን ይዞ አያውቅም።

ያዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመንግሥት ሥራዋ ሲያበቃ፣ የሺመቤት በአውቶቡስ እየመጣች አሠራሩን ታሳየው ነበር። “የአገልግሎት ቀኑ ቶሎ የሚያልፈው ከፊት፣ ጋሼ! ከኋላ ከደበቁትማ ለአይጥ ማከማቸትዎ ነው!” ለዚህ ክፍያ አልወሰደችም፤ “ገና አልተለቀቅኩም” አለች። ጥር ሲገባ መልቀቂያዋን ይዛ መጣች። ድርጅቱም ዋስ ይጠይቅ ነበርና፣ ኮታቸውን ቆልፈው ከጎኗ የቆሙት እነዚያው አቶ ገብረሃንስ ነበሩ።

አራት ዓመት ያህል ሠራች። ድርጅቱ ቢሮውን ሲዘጋ መጋዘኑን ከኃይለኪሮስ ጋር ቆጥራ አስረከበች። ሲጨርሱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ “አሁን ዋሴን ይፍቱልኝ” አለች።

የዋስትናውን ወረቀት ከመዝገብ አውጥቶ ሰጣት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ከአፉ ደርሶ ነበር፤ ከዚያች የምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲያመላልሰው የኖረ። አቶ ገብረሃንስ ባይኖሩስ፣ ዋስ የሚባል ነገር ባይጠየቅስ ኖሮ፣ ያንን ቁልፍ ለአለቃዋ ጥላ ሰኞ ትመጣ ነበር? ወይስ ያን ጊዜም ትቆይ ነበር? እንዴት እንደሚጀምር እያሰበ መዝገቡን ሊመልስ ወደ ጎን ክፍል ገባ።

ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። በመስኮቱ ሲያይ የሺመቤት የግቢውን በር አልፋለች፤ ለዘበኛው እጇን አውለብልባ፣ ወደ ቦሌ መንገድ ትፈጥናለች፤ አውቶቡሱ እየመጣ ነበር።