ሶፋውን የጎተተው በግ

ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ ቪዲዮ በማቀናበር የሚስተካከለኝ የለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ባለቤቴም እንግዳ ሲኖር ትለዋለች። ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ ዓይኔ ጥቃቅኑን ሽቦ እምቢ ሲል ኮምፒውተር ገዛሁና እየነካካሁ ራሴን አስተማርኩ።

ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ሶፋ ሠሪ አለ። ከሱቁ ፊት ፎቅ ተሠራና ከመንገድ የሚያየው ጠፋ። እስከ አረፋ ገበያ ካላገኘ ሱቁን ዘግቶ የሚስቱ ወንድም ዘንድ ሊቀጠር ነው። ያም ሶፋ ሠሪ ነው።

«ጋሼ፣ ለእሱ ከማጎነብስ ሶፋዬን ተሸክሜ ባዞር ይሻለኛል» አለኝና በስልክ የሚበተን ቪዲዮ እንድሠራለት ለመነኝ።

ካሜራዬን ተክዬ ጠየቅኩት። ስለ እንጨቱ አሳምሮ ሲናገር ቆይቶ ድንገት የሚስቱ ወንድም ነገር ይነሳበታል። «የሱ ሶፋ ድመት ብታስነጥስ ይፈርሳል!» ሦስት ቦታ እንዲህ ሰደበው። ስድቦቹን ቆርጬ አወጣሁ። ድምፁ ሲገጣጠም ማር ሆነ፤ ምስሉ ግን ቁርጡ ጋ ሲደርስ የሰውዬው አንገት እህል እንደምትለቅም ዶሮ ይዘላል።

መድኃኒቱን አውቃለሁ። ንግግሩ እየተሰማ፣ ከቁርጡ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ትንሽ እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ምስል ማልበስ ነው። ግን ከፊቱ በቀር ምንም አልቀረፅኩም ነበር። ትልቅ ጭንቅላትም ይረሳል።

በማግስቱ ተመልሼ መላጊያውን፣ ስፖንጁን፣ ስፌቱን ቀረፅኩ። የሶፋውን ክንድ አስጠግቼ ስቀርፅ ለአረፋ የተገዛው በግ ገመዱን በጥሶ ገባና ጨርቁን ነከሰ።

«ኧረ ጋሼ፣ ያባሩልኝ!»

«እንዳትነካው! እየቀረፅኩ ነው!»

በጉ ጎተተ፣ እግሩን ተክሎ ታገለ፤ ጨርቁ አልተተረተረም። ተስፋ ቆርጦ ወጣ።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። መላጊያም ቁርጥ ይሸፍናል፤ በግ ግን ተመልካቹንም ይይዛል። ትግሉን ለሦስት ከፈልኩት። አንደኛው ቁርጥ ላይ ይነክሳል፣ ሁለተኛው ላይ ይታገላል፣ ሦስተኛው ላይ ይሸነፋል።

ሶፋ ሠሪው ሲያየው ጮኸ። «በግ ሶፋዬን ሲበላ ለአገር ሊያሳዩብኝ ነው?»

ሚስቱ ግን በሳቅ እንባዋ ወረደ። «እኔ በጉ ምን ሆነ ብዬ እስከ መጨረሻው አየሁት! ይልቀቁት፣ ጋሼ!» ለቀቅሁት።

የመጀመሪያው ደንበኛ ደጁ ላይ ቆሞ «በጉን ያሸነፈው ጨርቅ የቱ ነው?» አለ። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ሰው በሰው ሆነ። ከአረፋ በፊት፣ እኔም ሱቁ ውስጥ ሳለሁ፣ የሚስቱ ወንድም መጣ። ሶፋ ሠሪው ከስፖንጅ ክምር ኋላ ተደበቀ። ሰውዬው ግን ጎትቶ አወጣውና አገላብጦ ሳመው።

«ቪዲዮው ላይ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣህም። ጨዋ ነህ!»

ሶፋ ሠሪው እኔን አየኝ። እኔ በጉን አየሁ።

ስለዚህ ያከናወንኩት ይህ ነው፦ ሦስት ስድብ በአንድ በግ ሸፈንኩ። ሱቅ ከመዘጋት አዳንኩ። አማቾችን ሳላስታርቅ አስታረቅኩ። በጉን ከቢላዋ አተረፍኩ፤ ዝነኛ ስለሆነ ለአረፋ ሌላ ተገዛ። ባለቤቴም ያንን «የሚስተካከለው የለም» የሚለውን ቃል አሁን እንግዳ ባይኖርም ትለዋለች።